ኩርኖና ካርቴል አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጽጌ_ረዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የማይክሮ ጥያቄ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ። እባካችሁ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት።

የገበያው ፍላጎት P = 14 − Q ነው። ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ የሚያመርቱት ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። የሁለቱም ማርጂናል ኮስት 2 ነው፤ ቋሚ ወጪ የለባቸውም። ጥያቄው ጠቅላላ ሰርፕለሱን በሦስት ሁኔታ አስልታችሁ አወዳድሩ ይላል። መጀመሪያ ፍጹም ውድድር ሲኖር። ቀጥሎ ሁለቱ ተመሳጥረው እንደ አንድ ሞኖፖሊ ሲሠሩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳይነጋገሩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚያመርቱትን መጠን ሲወስኑ፤ ማለትም ኩርኖ።

ውድድሩ አላስቸገረኝም። ዋጋው 2 ይሆናል፣ 12 ዕቃ ይሸጣል፣ ሦስት ማዕዘኑ 12 × 12 ÷ 2 = 72 ነው። ካርቴሉም ወጣልኝ። 6 ዕቃ፣ ዋጋው 8፣ የድርጅቶቹ ትርፍ 36፣ የሸማቾች ሰርፕለስ 18፣ ድምሩ 54።

ኩርኖው ላይ ግን ነገር ተበላሸብኝ። ድርጅቶቹ መንታ ስለሆኑ እኩል ያመርታሉ ብዬ q1 = q2 = q አልኩ። ከዚያ የአንዱን ድርጅት ትርፍ ጻፍኩ፦

```
ትርፍ = (14 − 2q − 2) × q = 12q − 2q²
12 − 4q = 0
q = 3
```

የሁለቱ ሲደመር 6፣ ዋጋው 8፣ ጠቅላላው 54። ቁርጥ ካርቴሉን! ስሌቱን አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፤ የመደመርም የመቀነስም ስህተት አላገኘሁበትም። መልሱ አንድ ከሆነ ጥያቄው ለምን ለያይቶ ይጠይቀኛል?

የቁጥር_ልጅ

ኩርኖው ልክ አይደለም። ቀመር አለው፤ 14 ሲቀነስ 2፣ ለ3 ሲካፈል 4። እያንዳንዳቸው 4 ያመርታሉ፣ ድምሩ 8፣ ዋጋው 6።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በውድድር 12 ይመረት ነበር፣ አሁን 8 ተመረተ። ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ሰርፕለሱም የ72 ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 48።

ጽጌ_ረዳ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን 48 ከሆነ ከካርቴሉ 54 አነሰ እኮ። ሁለቱ ሲመሳጠሩ ሳይመሳጠሩ ከሚሆነው ይሻላል ማለት ነው? በኩርኖ ብዙ ዕቃ ይመረታል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንዴት ያንሳል?

ደግሞ ቀመሩን ተቀብዬ ብጽፈውም የእኔ መንገድ ለምን እንደከሸፈ አልገባኝም። መንታ ናቸው አይደል? እኩል ያመርታሉ ማለት ምን ስህተት አለው?

ቀጥታ_መስመር

እኔ ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፣ ወጪያቸውም እኩል ነው። አንዱ በ6 ሲሸጥ ሌላው 5.90 ይላል። ያኛው ደግሞ 5.80። እንዲህ እየተወራረዱ 2 ላይ ይደርሳሉ። ከ2 በታች መውረድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሁለት ድርጅት ብቻ ቢሆንም ዋጋው 2፣ መጠኑ 12፣ ጠቅላላው 72 ነው። ኩርኖ የሚመሳሰለው ከካርቴሉ ጋር ሳይሆን ከውድድሩ ጋር ነው።

ጥቁር_ሰሌዳ

ጽጌ ረዳ፣ ልጄ፣ ስሌትሽ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለዚህ ነው አራት ጊዜ አይተሽው ያላገኘሽው። እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን ትምህርት ሳስተምር ከሁሉ በላይ ያየሁት ስህተት ይኸው ነው፤ የሚሠሩት ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ሁለቱ እኩል ያመርታሉ ማለትሽ እውነት ነው። ነገር ግን እኩልነቱ የሚመጣው ሁለቱም ከወሰኑ በኋላ ነው፤ የውሳኔያቸው ውጤት ነው። አንቺ ግን ከውሳኔው በፊት አስገባሽው። ዴሪቬቲቭ ከመውሰድሽ በፊት q1 = q2 ስትይ ለአንደኛው ድርጅት የሌለውን ሥልጣን ሰጠሽው። እኔ አንድ ስጨምር ያኛውም አንድ ይጨምራል፣ እኔ ስቀንስ እሱም ይቀንሳል ብሎ እንዲያስብ አደረግሽው። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨምሩና ሲቀንሱ ስሙ ምንድን ነው? ካርቴል ነው። ስለዚህ የካርቴሉን መልስ ማግኘትሽ አያስገርምም። የካርቴሉን ጥያቄ ነው የፈታሽው።

በቁጥር እናድርገው። ሁለቱም 3 እያመረቱ ነው እንበል። ዋጋው 8፣ የእያንዳንዱ ትርፍ 3 × 6 = 18። አሁን የአንደኛው ድርጅት ወንበር ላይ ተቀመጪና አንድ ዕቃ ብጨምርስ ብለሽ አስቢ።

በአንቺ እኩልታ ያኛውም አብሮ ይጨምራል። 4 እና 4፣ ድምሩ 8፣ ዋጋው 6፣ ትርፍሽ 4 × 4 = 16። ከ18 ወረደ። ስለዚህ ባልጨምር ይሻለኛል ትያለሽ።

በኩርኖ ግን ያኛው 3 ላይ ነው። ምን እንደወሰንሽ አያውቅም፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ነው የወሰናችሁት። 4 እና 3፣ ድምሩ 7፣ ዋጋው 7፣ ትርፍሽ 4 × 5 = 20። ከ18 በለጠ። ስለዚህ ትጨምሪያለሽ። እሱም እንዳንቺው አስቦ ይጨምራል። 3 እና 3 ላይ የሚቆም የለም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦

```
ትርፍ1 = (12 − q1 − q2) × q1
12 − 2q1 − q2 = 0      (q2 እንደ ቋሚ ቁጥር ተይዞ)
12 − 3q = 0            (አሁን ነው q1 = q2 የሚባለው)
q = 4
```

ለወደፊቱ መልስሽን የምትፈትኚበት ነገር ልስጥሽ። ያገኘሽውን ቁጥር ያዢ፣ የሌላውን ድርጅት መጠን እዚያው ላይ ቸንክሪው፣ የራስሽን ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ አንቀሳቅሺ። ያኛው 4 ላይ ሆኖ አንቺ 5 ብታደርጊ ዋጋው 5፣ ትርፍሽ 5 × 3 = 15። 3 ብታደርጊ ዋጋው 7፣ ትርፍሽ 3 × 5 = 15። 4 ላይ 16 ነበር። በሁለቱም በኩል ወረደ። ኩርኖ ነው። የአንቺ 3 ይህን ፈተና ወደ ላይ ስትሄጂ ይወድቃል።

ቀጥታ መስመር፣ አንተ የተናገርከው ነገር በራሱ ትክክል ነው፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ግን ነው። አንተ ድርጅቶቹ ዋጋ እንዲለጥፉ አደረግህ። ጥያቄው መጠን ይወስናሉ ነው የሚለው። ኦጉስተን ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ይህን ሲያነሳ ምሳሌው የማዕድን ውሃ ምንጭ ያላቸው ሁለት ባለቤቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ስንት ውሃ ለገበያ ላውጣ ብሎ ይወስናል፣ ዋጋውን ገበያው ያወጣዋል። ዮሴፍ ቤርትራንድ እ.ኤ.አ. በ1883 ዋጋ ቢወስኑስ ብሎ ተቃወመው። የአንተ 72 የቤርትራንድ ነው።

ጽጌ_ረዳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «የካርቴሉን ጥያቄ ነው የፈታሽው» ሲሉኝ ነው የበራልኝ። 4 እና 3 የሚለውን በወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት። 20 ከ18 ሲበልጥ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

የቀረኝ የ48 ነገር ነው።

ሰማያዊ_እስክሪብቶ

እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። የ48ን ነገር እኔ ልመልስ፤ በየዓመቱ የሚያጋጥመኝ ስለሆነ።

የቁጥር ልጅ፣ 8 ማለትህ ትክክል ነው። ከዚያ የተሳሳትከው እያንዳንዱ ዕቃ ለጠቅላላ ሰርፕለሱ እኩል ያዋጣል ብለህ ነው። አያዋጣም። የፍላጎቱን መስመር ተከተለው። የመጀመሪያውን ዕቃ የሚገዛው ሰው ወደ 14 የሚጠጋ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው፤ ዕቃው ደግሞ በ2 ይመረታል። ከዚያ ዕቃ ወደ 12 የሚጠጋ ጥቅም ይገኛል። አሥራ ሁለተኛውን ዕቃ የሚፈልገው ሰው ግን 2 አካባቢ ነው የሚሰጠው። በ2 ተመርቶ በ2 አካባቢ ተፈልጎ ጥቅሙ ምንም ያህል ነው። መጠኑ ከ12 ወደ 8 ሲወርድ የሚቀሩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ጥቅማቸው ትንሽ የሆነው።

ስለዚህ የጠፋው በመጠኑ ልክ አይደለም። የጠፋው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎኑ የጎደለው መጠን፣ ሌላው ጎኑ ዋጋው ከ2 የራቀበት ርቀት። የፍላጎቱ ስሎፕ 1 ስለሆነ እዚህ ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው። በኩርኖ 4 ጎደለ፣ ስለዚህ 4 × 4 ÷ 2 = 8 ጠፋ። በካርቴል 6 ጎደለ፣ 6 × 6 ÷ 2 = 18 ጠፋ።

ልብ በሉ፤ በኩርኖ የመጠኑ ሢሶ ጎደለ፣ የጠፋው ሰርፕለስ ግን ከ72 አንድ ዘጠነኛው ነው። በካርቴል ግማሹ ጎደለ፣ የጠፋው ሩቡ ነው። ጉድለቱ በራሱ ይባዛል።

```
          Q    P   ሸማቾች   ድርጅቶች   ጠቅላላ
ውድድር    12   2     72        0       72
ኩርኖ      8   6     32       32       64
ካርቴል     6   8     18       36       54
```

ሌላ የማየው ስህተት አለ፤ ይሄኛው እኔንም ተማሪ ሳለሁ ነጥብ አስቀንሶኛል። ብዙ ሰው ካርቴሉ ላይ 36ቱን የድርጅቶች ትርፍ «የጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ሸማቾች 72 የነበራቸው 18 ሲቀራቸው ሲያይ 54 ጠፋ ይላል። ከዚያ ውስጥ 36ቱ አልጠፋም። ከገዢው ኪስ ወደ ሻጩ ኪስ ዞረ እንጂ። ማንም ኪስ ያልገባው 18ቱ ብቻ ነው። ያ መዞር ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ትልቅ ጥያቄም ነው። ጠቅላላ ሰርፕለስ ግን እሱን አይመዝንም።

የቁጥር_ልጅ

ገባኝ። ቀመሩን ሸምድጄ ሥዕሉን አልሣልኩም ነበር። አሁን ስሥለው ሦስት ማዕዘኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል።

ሠንጠረዡ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከኩርኖ ወደ ካርቴል ሲኬድ ድርጅቶቹ የሚያገኙት 4 ብቻ ነው፤ ከ32 ወደ 36። ሸማቾች ግን 14 ያጣሉ፤ ከ32 ወደ 18። ለ4 ብለው 14 ነው የሚያስጠፉት። እንዲህ መሆኑ የቁጥሩ አጋጣሚ ነው?

ሰማያዊ_እስክሪብቶ

አጋጣሚ አይደለም። ፍላጎቱ ቀጥታ መስመር እስከሆነ፣ ወጪያቸውም እኩልና ቋሚ እስከሆነ ድረስ 14ን በ50፣ 2ን በ20 ብትቀይረውም የኩርኖው ጠቅላላ ሁልጊዜ የውድድሩ ስምንት ዘጠነኛ ነው፣ የካርቴሉ ደግሞ ሦስት አራተኛ። 4 እና 14ም በዚያው ልክ አብረው ያድጋሉ። ካርቴል የትርፍ ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው፤ ጫፍ አካባቢ ደግሞ የትርፉ መስመር ጠፍጣፋ ነው። ከጫፉ ትንሽ ፈቀቅ ማለት ድርጅቶቹን እምብዛም አይጎዳም። ሸማቹን ግን ይጠቅመዋል፤ የእሱ መስመር እዚያ ጠፍጣፋ አይደለማ።

ድልድይ

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም። አነስተኛ ማምረቻ አለኝ። ነገሩ የራሴ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው የገባሁት።

እናንተ ሁለቱን መንታ አደረጋችኋቸው። በሕይወት እንዲህ አይደለም። እኔና ተፎካካሪዬ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የምናመርተው። የእሱ ማሽን አዲስ ነው፣ የእኔ አሮጌ። እሱ በ2 የሚያወጣውን እኔ በ5 ነው የማወጣው እንበል፣ በእናንተ ቁጥር። ጥሬ ዕቃ የምናዘው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ ስንት እንደማመርት ያኔ ይቆረጣል። እሱ ስንት እንዳዘዘ አላውቅም። ይሄ ኩርኖ ነው አይደል? ሠንጠረዣችሁ ለእኔም ይሠራል?

ጥቁር_ሰሌዳ

ወንድሜ ድልድይ፣ እንኳን ገባህ። ጥያቄህ ከሁሉም ይከብዳል። ከሦስት ወር በፊት መጠን ቆርጦ፣ የሌላውን ሳያዩ፤ አዎ፣ ኩርኖ ይሄ ነው።

የራስህን ሥራ እንሥራው። ሁለት እኩልታ አለን፤ አሁን መንታ አይደላችሁምና እኩል ማድረግ አይቻልም።

```
12 − 2q1 − q2 = 0     (ባለ 2 ወጪው)
 9 − q1 − 2q2 = 0     (አንተ፣ ባለ 5 ወጪው)
q1 = 5,  q2 = 2,  Q = 7,  P = 7
```

የእሱ ትርፍ 5 × 5 = 25። የአንተ 2 × 2 = 4። የሸማቾች 7 × 7 ÷ 2 = 24.5። ድምሩ 53.5።

አሁን ካርቴሉን እንይ። ትርፉን ከፍ ለማድረግ ብቻ የሚያስብ ካርቴል በአንተ ማሽን አንድም ዕቃ አያመርትም፤ ሁሉንም በርካሹ ማሽን ያመርታል። 6 ዕቃ፣ ዋጋ 8፣ ጠቅላላው እንደ ቀድሞው 54።

54 ከ53.5 ይበልጣል።

ጽጌ_ረዳ

ጋሼ ቆይ! ካርቴሉ በለጠ? 7 ዕቃ ተመርቶ 6 ከተመረተበት ያንሳል? ቅድም የ48ን ነገር «እንዴት ያንሳል» ብዬ ነበር።

ጥቁር_ሰሌዳ

ቅድም የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ መንታ ሲሆኑ ሊያንስ አይችልም። አሁን ግን የሚጠፋው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የምታውቂው ሦስት ማዕዘን ነው። 12 መሆን የነበረበት 7 ሆነ፣ 5 × 5 ÷ 2 = 12.5 ጠፋ። ሁለተኛው በሥዕሉ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የለም። በ2 ሊመረቱ የሚችሉ ሁለት ዕቃዎች በ5 ተመረቱ። 2 × 3 = 6 እንዲያው ባክኖ ቀረ። 72 ሲቀነስ 12.5፣ ሲቀነስ 6፣ 53.5።

ካርቴሉ ሦስት ማዕዘኑን ወደ 18 አሰፋው፣ ብክነቱን ግን ዜሮ አደረገው። 18.5 እና 18 ነው ሚዛኑ። ልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው። የድልድይ ወጪ 5 ሳይሆን 3 ቢሆን ኖሮ ኩርኖው ይበልጥ ነበር።

ሦስት ማዕዘኑን ብቻ የሚሥል ሰው ይህን አያየውም። ስለዚህ ድርጅቶቹ የተለያየ ወጪ ካላቸው ሥዕሉን አትመኚ። የሸማቾቹንና የእያንዳንዱን ድርጅት ትርፍ ለየብቻ ቆጥረሽ ደምሪ።

ድልድይ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። በዚህ ሒሳብ እኔ መዝጋት አለብኝ ማለት ነው። ደግሞ ማን ነው ማሽኑን አቁሞ ዜሮ ለመሸጥ የሚስማማው? ተፎካካሪዬ ና እንመሳጠር ቢለኝ የምጠይቀው ግማሹን ነው።

ሰማያዊ_እስክሪብቶ

ድልድይ፣ ያነሳኸው ነገር መልሱን ራሱን ይቀይረዋል። ካርቴላችሁ ምርቱን እኩል ለእኩል ቢከፋፈል፣ ሦስት ሦስት ዕቃ፣ ያው 6 ዕቃ በ8 ይሸጣል። ነገር ግን ሦስቱ ዕቃዎች በአንተ ማሽን በ5 ተመረቱ፤ 3 × 3 = 9 ባከነ። 54 ሲቀነስ 9፣ 45። ከኩርኖው 53.5 በጣም ያነሰ። ስለዚህ 54 የሚገኘው አንተ ሳታመርት ሲከፈልህ ብቻ ነው።

ሊከፈልህ ይችላል ወይ? በኩርኖ አንተ 4 ታገኛለህ፣ እሱ 25፤ 29። ካርቴሉ 36 ያመጣል። 7 ትርፍ አለ፣ ሁለታችሁም ከቀድሞው የተሻለ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሚከፍለው ግን ማነው? ሸማቹ ከ24.5 ወደ 18 ወረደ፤ 6.5 ከእሱ ነው የመጣው። የተፈጠረው አዲስ ነገር ግማሽ ነው፤ የቀረው 6.5 ከሸማቹ የዞረ ነው። ለእኔ ይህን «ካርቴሉ ይሻላል» ብዬ መጥራት አይዋጥልኝም።

የቁጥር_ልጅ

ግን ጥያቄው ጠቅላላ ሰርፕለስ ነው የሚለው። 54 ከ53.5 ይበልጣል፣ አለቀ። የዞረውን አይመዝንም ያልሽው አንቺ ነሽ።

ሰማያዊ_እስክሪብቶ

ብያለሁ። አልካድኩም። መለኪያው የሚለውን ተናገርኩ እንጂ መለኪያው ብቻውን ይበቃል አላልኩም። የሸማቹን ብቻ የሚመዝን ሰው በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ኩርኖን ከካርቴል ያስቀድማል፤ 32 ከ18፣ 24.5 ከ18። ሁለቱን የሚደምር ሰው ድልድይ ጋ ሲደርስ ይገለብጠዋል። የትኛውን ሚዛን እንደያዝክ መጀመሪያ ጻፍ፤ ከዚያ ቁጥሩን ጻፍ።

ቀጥታ_መስመር

ቅድም ጥያቄውን አሳስቼ ነበር፣ ተቀብያለሁ። ግን ድልድይ ጉዳይ ላይ ቤርትራንድ ቢገባ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ዋጋ ቢለጥፉ ባለ 2 ወጪው ከ5 አንዲት ሳንቲም ዝቅ ብሎ ይለጥፍና ሁሉንም ይሸጣል። 9 ዕቃ ገደማ። ብክነት የለም፣ የጎደለው 3 ብቻ ነው፤ 3 × 3 ÷ 2 = 4.5። ጠቅላላው 67.5። ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ ችግሩ ካርቴል ወይስ ኩርኖ አይደለም፤ ዋጋ ላይ እንዲወዳደሩ ማድረግ ነው።

ጥቁር_ሰሌዳ

ቁጥርህ ልክ ነው። ግን ድልድይ ያለውን መልሰህ አንብብ። ጥሬ ዕቃው ከሦስት ወር በፊት ይታዘዛል። ዋጋ በሚለጠፍበት ቀን ተፎካካሪው መጋዘን ውስጥ ያለው 5 ዕቃ ከሆነ 9 ሊሸጥ አይችልም። ክሬፕስና ሻይንክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳዩት ይህን ነው፤ ድርጅቶች መጀመሪያ አቅማቸውን ቆርጠው በኋላ ዋጋ ላይ ቢወዳደሩ፣ ውስን የሆነው ዕቃ ለገዢዎች የሚዳረስበትን መንገድ በሚመለከት አንድ ግምት ተይዞ፣ ውጤቱ የኩርኖ መጠን ይሆናል። ያን ግምት ሲቀይሩት ውጤቱ ላይጸና እንደሚችል ሌሎች አሳይተዋል። ስለዚህ የድልድይን ገበያ ኩርኖ ብለን ብንጠራው ምክንያት አለን፤ እርግጠኛ ነን ግን አልልም።

ድልድይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥሬ ዕቃው ከመጣ በኋላ አዲስ ትእዛዝ በሳምንት ውስጥ ማስመጣት ይቻላል? ተፎካካሪህስ?

ድልድይ

እኔ አልችልም። እሱ በቅርቡ ከአቅራቢው ጋር አዲስ ስምምነት እንዳደረገ ሰምቻለሁ፤ በአሥር ቀን ያመጡለታል ይባላል። አጣርቼ ልጽፍላችሁ።

ጽጌ_ረዳ

እኔ እስከዚያ መልሴን አስተካክያለሁ። 72፣ 64፣ 54 ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «ወጪያቸው እኩል ከሆነ ብቻ» ብዬ አሰመርኩበት። ከ5 ጀምሬ የድልድይን ወጪ ዝቅ እያደረግኩ ኩርኖው ካርቴሉን የሚቀድምበትን ቦታ እየፈለግኩ ነው። 4.5 ላይ ኩርኖው 54.49 ገደማ መጣልኝ፣ ካርቴሉ ያው 54 ነው። በ4.5 እና በ5 መካከል የሆነ ቦታ እኩል ይሆናሉ።

የቁጥር_ልጅ

እኔም እየሠራሁት ነው። ኩርኖውን በድልድይ ወጪ ጽፌ ከ54 ጋር እኩል አደረግኩት። የወጣልኝ 52 ለ11 ሲካፈል ነው፤ 4.73 ገደማ። አንቺም ሲወጣልሽ እናስተያየው።